መጋዘኑ ሲጎድል ብድር መጠየቅ፦ ለባንክ ስለሚጻፍ የዕቃ መጠን ማብራሪያ ደብዳቤ

የመነሻ ጽሑፍ

ሰላም ናችሁ። ደሴ ነው ያለሁት፣ የነጋዴ ሒሳብ እሠራለሁ። ዛሬ የማነሳው ነገር ብዙ ነጋዴ ባንክ በር ላይ የሚመለስበት ጉዳይ ስለሆነ ረዘም አድርጌ እጽፋለሁ፣ ታገሡኝ።

አንዲት ደንበኛ አለችኝ። ጤፍ ትነግዳለች፣ ጎን ለጎን ትንሽ ማሾ ትይዛለች። የምትሸጠው ለእንጀራ ጋጋሪዎች፣ ለጥቂት ምግብ ቤቶችና ለሰፈር ሰው ነው። ኅዳር ላይ 1,300,000 ብር የሥራ ማስኬጃ ብድር ጠየቀች። ለዘጠኝ ወር ነው ያለችው። የብድር ክፍሉ ልጅ መጥቶ መጋዘኗን አየ፣ 30 ኩንታል ጤፍ ቆጠረ። ሰኔ 30 በተዘጋው ሒሳብ ላይ ግን 110 ኩንታል ነው የተጻፈው። ልጁ የቀረው ዕቃ የት እንደገባ ጠየቃትና በደብዳቤ አብራርተሽ አምጪ አላት።

የመጀመሪያውን ደብዳቤ ማመልከቻ የሚጽፍ ሰው ጻፈላት። ስለ ታማኝነቷ፣ ስለ ልጆቿ፣ ስለ ገበያው ውድነት ብዙ አለ። ስለ ጤፉ ግን በቂ ክምችት እንዳላት ብቻ ነው የሚናገረው። ባንኩ ሳያነበው የመለሰው ይመስለኛል፣ አንብቦም ቢሆን የሚይዘው ነገር አያገኝም።

የእኔ እምነት ይሄ ነው። የኩንታሉ ቁጥር ብቻውን ለባንክ ምንም አይነግረውም። ደብዳቤው ዕቃው በቀን ስንት እንደሚወጣ፣ ያለው ለስንት የሽያጭ ቀን እንደሚበቃና በየትኛው ወር ለምን ከፍ ወይም ዝቅ እንደሚል መናገር አለበት። የእሷን እንየው። በአማካይ በቀን 2 ኩንታል ትሸጣለች። በወር 25 ቀን ብትሠራ 50 ኩንታል ነው። ስለዚህ ሰኔ 30 የነበራት 110 ኩንታል የ55 ቀን ዕቃ ነበር። ኅዳር ላይ የተቆጠረው 30 ኩንታል የ15 ቀን ነው። የዚህ ምክንያት ደግሞ ወሎ ውስጥ ላደገ ሰው ግልጽ ነው። ኅዳር ላይ አዲሱ ጤፍ ገና አውድማ ነው፣ አሮጌው አልቋል፣ ያለውም ውድ ነው። አስተዋይ ነጋዴ በዚያ ሰዓት መጋዘን አይሞላም። ታኅሣሥና ጥር ላይ ገበያው ሲሞላ ነው የሚገዛው። ብድሩም የሚያስፈልጋት ለዚያ ነው። ባንኩ እንደ ድክመት ያየው ባዶ መጋዘን የወቅቱ ትክክለኛ መልክ ነው፣ ይህንን ግን ካልጻፍክለት ልጁ ከየት ያውቀዋል?

ምክር የምፈልግበት አንድ ነገር አለ። ከገበሬ የተገዛ ጤፍ ደረሰኝ የለውም። እዚህ ያላችሁ ሰዎች ይህንን በደብዳቤው ላይ እንዴት ነው የምታስቀምጡት? ሌላ የጎደለም ካለ ንገሩኝ።

(ከዚህ በታች ያለው የመጡት መልሶች ናቸው። ክሩ በጣም ስለረዘመ አዲስ የሚገባ ሰው እንዳይደክም በቁጥራቸው ጨምቄ አስቀምጫቸዋለሁ።)

1ኛ

የወልድያ ባለሱቅ ነው። በጣም አመስግኖ ጀመረ። እሱም እንዲህ ዓይነት ደብዳቤ ተጠይቆ እንደነበር ነገረን። ጥያቄው የእሱ ሱቅ ከሳሙና እስከ ምስማር ስለሚይዝ ቀኑን በምን ያስላው የሚል ነው። ሁሉንም መዘርዘር እንደማይጠበቅበት መለስኩለት። ቶሎ የሚወጣውን ለብቻ፣ የሚቆየውን ለብቻ አድርጎ ለሁለት ከፍሎ የእያንዳንዱን ቀን ቢያሰላ ይበቃል። ዘይትና ስኳር በሳምንት ያልቃል፣ የበር ቁልፍ ዓመት ይቀመጣል። ሁለቱን ደባልቆ አማካይ ካወጣ ግን ስለ ሱቁ ውሸት ተናገረ ማለት ነው።

2ኛ

ይሄኛው ጥያቄውን ሌላ አድርጎ ነው ያነበበው። የማይንቀሳቀስ ንብረት ካልያዝክ ደብዳቤው ወረቀት ነው፣ የቤት ካርታ አምጣ ነው የሚሉህ አለ። የራሱንም ታሪክ ጨመረ። አባቱ ቤታቸውን ለማስያዝ አልፈቀዱም፣ እሱም ብድሩን ሳያገኝ ቀረ። አዘንኩለት። ግን እኔ የጠየቅሁት ስለ ዋስትና አይደለም። ካርታ ያስያዘ ሰውም ቢሆን በምን ከፍለህ ትጨርሳለህ መባሉ አይቀርም፣ የዕቃው ማብራሪያ የሚመልሰው ያንን ነው።

3ኛ

እዚህ ላይ ክሩ ጠነከረ። ጡረታ የወጡ የባንክ ሰው ናቸው፣ ብዙ ዓመት ብድር ክፍል ሠርተዋል። ጋሼ እያልን ነው የምንጠራቸው።

መጀመሪያ 2ኛውን መለሱ። ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ የተንቀሳቃሽ ንብረት ዋስትና መብት አዋጅ ቁጥር 1147/2011 አለ። በሱ መሠረት የመጋዘን ዕቃም ሊያዝ ይችላል፣ መዝገቡም ብሔራዊ ባንክ ነው ያለው። ሕጉ ስላለ ብቻ ግን ሁሉም ቅርንጫፍ እህል ይይዛል ማለት እንዳልሆነ፣ ብዙው አሁንም ቤት እንደሚወድ አልደበቁም።

ከዚያ ወደ ደብዳቤው መጡ። የቀን ስሌቱን ወደዱት። ነገር ግን እሳቸው ወንበሩ ላይ በነበሩ ጊዜ ደብዳቤውን ከማንበባቸው በፊት የነጋዴውን የባንክ ሒሳብ እንቅስቃሴ ነበር የሚያዩት። በቀን 2 ኩንታል እሸጣለሁ ያለ ሰው በወር ከግማሽ ሚሊዮን ብር በላይ በእጁ ያልፋል። ያ ገንዘብ በሒሳቡ ላይ ካልታየ የደብዳቤው ስሌት በሙሉ ይወድቃል። ነጋዴው ሳይዋሽ፣ በጥሬ ገንዘብ ሸጦ በጥሬ ገንዘብ እየገዛ ብቻ ሊሆን ይችላል። ባንኩ ግን የሚያምነው ያየውን ነው። ስለዚህ ብድር ከመጠየቁ ብዙ ወራት ቀድሞ ሽያጩን በየቀኑ ማስገባት መጀመር አለበት።

ሁለተኛው ምክራቸው ስለ ዱቤ ነው። የእኛ ሴትዮ ለእንጀራ ጋጋሪዎች ሰጥታ ገና ያልተከፈላት ጤፍ አለ። እሱን ከዕቃዋ ጋር እንዳትደምረው አጥብቀው ተናገሩ። ከመጋዘን የወጣ ጤፍ ዕቃ መሆኑ ቀርቷል፣ የሚሰበሰብ ሒሳብ ነው። በተገላቢጦሽም ከእህል ሰብሳቢ በዱቤ የገባና ያልተከፈለበት ጤፍ ካለ በአካል መጋዘን ውስጥ ይቆጠራል፣ ዕዳው ግን ከጎኑ መጻፍ አለበት። ይህንን የሚደብቅ ነጋዴ ብዙ ጊዜ የሚጋለጠው የብድር ሠራተኛው ሰብሳቢውን ራሱን ሲያገኘው ነው አሉ። ደሴ ሰፊ ከተማ አይደለችም።

4ኛ

የባቲ ሰው ነው፣ ልብስና ጫማ ይነግዳል። አጭር ነበር ግን ለእኔ ከክሩ ሁሉ ጠቃሚው ይሄ ነው። የባቲ ገበያ ሰኞ ነው። እሑድ ማታ ሱቁ እስከ ጣራ ይሞላል። ሰኞ ማታ ግማሹ የለም። የባንኩ ሰዎች የመጡት ማክሰኞ ነበር። ያዩትን ጻፉ፣ ብድሩም በግማሽ ተቆረጠ። ወንድማችን እስካሁን ይናደዳል።

ከዚህ የምንወስደው ደብዳቤው ላይ የቆጠራው ቀን ብቻ ሳይሆን የገበያ ቀኑም መጻፍ እንዳለበት ነው። በሳምንቱ ውስጥ ዕቃው መቼ ከፍ መቼ ዝቅ እንደሚል በአንድ ዓረፍተ ነገር ይነገር። ሠራተኛው በዝቅተኛው ቀን ቢመጣም የሚያየው ነገር አስቀድሞ የተነገረው ይሆናል፣ አይደነግጥም።

5ኛ

አንድ ወጣት ነጋዴ ዕቃውን ዛሬ ባለው የገበያ ዋጋ ጻፉት ብሎ መከረ። ምክንያቱ ባንክ ምንም ብትጽፍ ይቆርጠዋል፣ ስለዚህ ከፍ አድርገህ ጀምር ነው። ጤፉን በ11,000 ገዝተኸው አሁን 12,500 ከሆነ 12,500 ነው ሀብትህ አለ። ብዙ ሰው ወደደለት።

6ኛ

ኮምቦልቻ የምትሠራ የሒሳብ ባለሙያ ናት፣ 5ኛውን በጠንካራ ቃል ነው ያረመችው። ዕቃ በመዝገብ የሚቀመጠው በተገዛበት ዋጋ ነው፣ ገበያው ከግዢው በታች ከወረደ ብቻ ነው ወደ ዝቅተኛው የሚወርደው። ያልተሸጠ ጤፍ ላይ ትርፍ ደምሮ መጻፍ ገና ያላገኙትን ገንዘብ እንደ ካፒታል ማሳየት ነው፣ የተዘጋው ሒሳብም ላይ አይገጥምም አለች። ልጁን እንዲህ ብለህ ሰው አታሳስት እስከማለት ደርሳለች።

ጋሼ ገብተው አበረዷቸው። 5ኛው ግማሽ እውነት አለው አሉ። ዕቃው ለዋስትና ሲያዝ ገማቹ የሚያየው የዛሬን የገበያ ዋጋ ነው፣ ከዚያ ላይ ነው የሚቀንሰው። ማብራሪያ ደብዳቤ ላይ ግን የግዢው ዋጋ ነው ዋናው። ከፈለገች የዛሬውን ዋጋ በሌላ መስመር ለብቻው መግለጽ ትችላለች፣ አይከለከልም። ወጣቱ ተቀበለው ወይስ ዝም አለ፣ አላወቅሁም። ከዚያ በኋላ አልተመለሰም።

7ኛ

ይሄኛው ቁጣ ነው። ሒሳብ ሠራተኞች ናችሁ ነጋዴውን ለገቢዎች አንድ መዝገብ ለባንክ ሌላ መዝገብ እያስያዛችሁ ያበላሻችሁት አለ። እኔንም በስም ሳይጠራ ነካኝ። የአንድ ዘመዱን ታሪክ አመጣ። ዘመዱ ለግብር ትንሽ ሽያጭ አሳውቆ ለባንክ ትልቅ ዕቃ ጻፈ፣ ባንኩ ያሳወቀበትን ወረቀት አምጣ ሲለው ሁለቱ አልገናኝ አሉ። ብድሩን ከለከሉት። ዘመዱም ሒሳብ ሠራተኛውን እስከ ዛሬ አያናግረውም።

8ኛ

የእኔ መልስ ነው። ቁጣው ገብቶኛል፣ እንዲህ የሚሠራ ሰውም አለ። እኔ ግን በዚህ ነገር ላይ ቀልድ አላውቅም። በደብዳቤው ላይ የሚጻፈው የሰኔ 30 ዕቃ ለገቢዎች ከቀረበው ሒሳብ ጋር በብር አንድ መሆን አለበት፣ ሳንቲም አይለይም። ካልገጠመ ደብዳቤውን አልጽፍም። የቀኑ ሽያጭም ካሽ ሬጅስተር ካላት ከማሽኑ ሪፖርት ጋር መገናኘት አለበት። ይህንን የምለው ለባንኩ ስል አይደለም። በዚህ መንገድ ብድር ያገኘ ሰው በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ ያንኑ ውሸት ማስቀጠል ስላለበት ነው፣ መውጫው ይጠፋዋል።

9ኛ

የደረሰኙን ጥያቄ የመለሰልኝ ከወረኢሉ በኩል እህል የሚሰበስብ ሰው ነው። አብሽር ብሎ ጀመረና ዝርዝሩን ሰጠን። እሱ ከገበሬ ሲገዛ በተከታታይ ቁጥር የታተመ የግዢ ቫውቸር ይይዛል። የሻጩ ስም፣ ቀበሌ፣ ቀን፣ የጤፉ ዓይነት፣ ኪሎ፣ ዋጋና ፊርማ ይጻፍበታል፣ መፈረም የማይችል ጣቱን ያትማል። ነጭና ሰርገኛ በአንድ መስመር አይጻፍም፣ ዋጋቸው ስለሚለያይ። ሚዛን ቤት ያስመዘነበትንና የመኪና የጫነበትን ወረቀት አብሮ ያያይዛል። አንዱ ወረቀት ብቻውን ደካማ ነው፣ ሦስቱ ሲደጋገፉ ግን ባንኩ ተቀብሎታል።

እግረ መንገዱን አንድ ፍርሃት አነሳ። ደብዳቤ ላይ ጤፍ ገዝቼ ዋጋ እስኪወጣ አስቀምጣለሁ ብሎ መጻፍ አደገኛ ነው አለ። እህል ደብቆ ማከማቸት በሕግ የተከለከለ ነው፣ ንግድ ቢሮም በየክረምቱ መጋዘን ይፈትሻል። ጋሼ በዚህ ተስማሙ። ግን እውነቱን መደበቅ ሳይሆን እውነቱን በሙሉ መጻፍ ነው መፍትሔው አሉ። የእኛ ሴትዮ በየወሩ 50 ኩንታል ትሸጣለች፣ የምትዘጋው መጋዘን የላትም። የየወሩ ገቢና ወጪ በሰንጠረዥ ከተያያዘ ያንን ማንም ያያል። በሁለት ፊት ይጠቅማታል፣ ባንኩ ዕቃው እንደሚንቀሳቀስ ያያል፣ ንግድ ቢሮ ቢመጣም መልስ አላት።

10ኛ

የኮምቦልቻዋ ባለሙያ ተመለሰች፣ አሁን ረጋ ብላ። የዘጠኝ ወሩን ጥያቄ አፈረሰችው። አጥብቄ እንድታዩት የምፈልገው ይሄንን ነው።

ደንበኛዬ ያሰበችው እንዲህ ነበር። ጥር ላይ በ11,000 ብገዛ፣ ክረምት 12,500 ሲገባ በኩንታል 1,500 አተርፋለሁ። በብድሩ ገንዘብ 118 ኩንታል ያህል ይገዛል፣ ስለዚህ ትርፉ 177,000 ብር ነው። ባለሙያዋ ወለዱን ለስሌት ያህል በዓመት 18 በመቶ ያዘችው። ለዘጠኝ ወር 175,500 ብር ሆነ። ትርፉን ከሞላ ጎደል በሙሉ ባንኩ ወሰደው ማለት ነው፣ የጆንያና የመጋዘን ኪራይ ገና ሳይነሳ።

ከዚያ ይበልጥ የሚያሳስበውን አመጣች። ሴትዮዋ ከራሷ 900,000 ጨምራ በጠቅላላው 200 ኩንታል ነው የምትገዛው። በወር 50 ትሸጣለች። ስለዚህ ጥር መጨረሻ የሞላው መጋዘን ግንቦት መጨረሻ ላይ ያልቃል። የሐምሌን ዋጋ የሚያየው ጤፍ የታለ? ከየካቲት እስከ ግንቦት ገበያው በአማካይ 11,800 ቢሆን ያተረፈችው በኩንታል 800 ነው፣ በጠቅላላው 94,400 ብር። ስለዚህ የብድሩ ዕድሜ የዕቃው ዕድሜ መሆን አለበት፣ አራት ወር። ያም ሆኖ ሁሉንም መጨረሻ ላይ ከከፈለች ወለዱ 78,000 ነው። ጤፉ በተሸጠ ቁጥር በየወሩ 325,000 ብትመልስ ግን ወደ 48,750 ይወርዳል። ልዩነቱ ለእሷ ትልቅ ነው።

ለዚህ ነው የዕቃው ደብዳቤና የብድሩ ዓይነት አንድ ጉዳይ የሚሆኑት። ባለሙያዋ ኦቨርድራፍት ቢሰጧት ይሻላል አለች፣ ምክንያቱም ወለድ የሚታሰበው በተጠቀመችበት ልክ ነው። ጋሼ ለአዲስ ተበዳሪ ኦቨርድራፍት በቀላሉ እንደማይሰጥ ተናገሩ። ደግሞ አንድ ጥያቄ ጣሉ፤ ዋጋው ባይጨምርስ? ወይም እንደ አንዳንዱ ዓመት ጥር ላይ ቢወድቅስ? ባለሙያዋ እንደዚያ ከሆነ የብድሩ ጥቅም ደንበኛ አለማጣት ብቻ ነው አለች። ለእንጀራ ጋጋሪ ዛሬ ጤፍ የለኝም ያልከው ቀን ሌላ ቤት ይሄዳል። የዚህን ዋጋ በብር አስሉልኝ ብዬ ጠይቄ ነበር፣ ማንም አልቻለም።

11ኛ

ከከሚሴ የጻፈ ወንድም ወለድ ውስጥ ጭራሽ እንደማይገባ ተናገረ። ከወለድ ነፃ አገልግሎት በሙራባሃ እንደሚሠራ ገለጸልን። እዚያ ባንኩ ራሱ ዕቃውን ይገዛና ትርፉን አሳውቆ ለነጋዴው ይሸጥለታል። ስለዚህ ከያዝከው ዕቃ ይልቅ የምትገዛው ዕቃ ላይ ነው ጥያቄው፣ ከማን፣ በስንት፣ ምን ዓይነት የሚል ፕሮፎርማ ይፈለጋል። ያለህን ዕቃ ግን እሱም ቢሆን ይጠየቃል፣ አዲሱ ሳይሸጥ አሮጌው ላይ እንዳይደረብ። ከገበሬ ለሚገዛ ሰው ፕሮፎርማ ከየት ይምጣ ብዬ ጠየቅሁት። ሰብሳቢ በመሃል ይገባል አለ፣ ዋጋው ግን ከፍ ይላል። ሁለት ሰዎች በዚህ ላይ ረጅም ጊዜ ተነጋገሩ። ከዚያ ወሬው ወደ ዘንድሮ ጤፍ ዋጋ ሄደ፣ ከጥምቀት በኋላ ይረክሳል የሚሉና አይረክስም የሚሉ ተከራከሩ፣ እሱን ዘለልኩት።

12ኛ

እስከዚህ በተባለው መሠረት ደብዳቤውን እንደገና ጻፍኩት። ለብዙ ሰው ስለሚጠቅም ዋናውን ክፍል እዚህ አስቀመጥኩ፦

> ጉዳዩ፦ የሥራ ማስኬጃ ብድር ለጠየቅሁበት ንግድ የዕቃ መጠን ማብራሪያ ስለመስጠት
>
> ኅዳር 20 ቀን በተደረገው ቆጠራ በመጋዘኔ 30 ኩንታል ጤፍ ይገኛል። በተገዛበት ዋጋ ኩንታሉ 12,500 ሆኖ 375,000 ብር ነው። በቀን በአማካይ 2 ኩንታል ስለምሸጥ ይህ የ15 የሽያጭ ቀን ዕቃ ነው። ሰኔ 30 በተዘጋው ሒሳቤ የሚታየው 110 ኩንታል፣ 1,210,000 ብር፣ የ55 የሽያጭ ቀን ዕቃ ነበር። መጠኑ የቀነሰው አዲሱ ምርት እስኪደርስ ድረስ በውድ ዋጋ ብዙ ስለማልገዛ ነው። የየወሩ ግዢና ሽያጭ በሰንጠረዥ ተያይዟል።
>
> በዱቤ ሰጥቼ ያልተሰበሰበ ጤፍ በዚህ ቁጥር ውስጥ አልገባም። ዝርዝሩ ለብቻው ቀርቧል። ለአቅራቢ ያልተከፈለ ዕዳ የለብኝም።
>
> በመጋዘኑ ውስጥ ካለፈው ዓመት የቀረ 12 ኩንታል ማሾ አለ። ነቀዝ ስለነካው ለብድሩ መክፈያ አላሰብኩትም።
>
> በብድሩ በታኅሣሥና በጥር ጤፍ እገዛለሁ። ከራሴ 900,000 ብር ጨምሬ መጋዘኔ 200 ኩንታል ይደርሳል፣ የ100 የሽያጭ ቀን ዕቃ። ጤፉ ከየካቲት እስከ ግንቦት ስለሚሸጥ ብድሩን በእነዚሁ አራት ወራት በየወሩ 325,000 ብር እየመለስኩ ከነወለዱ ለመጨረስ እጠይቃለሁ።

የማሾው አንቀጽ ክርክር አስነሳ። 1ኛው የወልድያ ሰው ለምን ጉድለትሽን ራስሽ ትነግሪያቸዋለሽ አለ። እኔ እንዲኖር ነው የምፈልገው። ጤፍ አይነቅዝም፣ ደረቅ ቦታ ከመሬት ከፍ ተደርጎ ከተቀመጠ ወራት መቆየቱ ችግር የለውም። ማሾ ግን ነቀዝ ይገባበታል፣ ጆንያውን ከፍተህ ዱቄት ካየህና ፍሬው ከተበሳ አልቆለታል። የባንኩ ልጅ መጋዘን ሲገባ ያንን ጆንያ ማየቱ አይቀርም። በደብዳቤው ያልተጠቀሰ የተበላሸ ዕቃ ካገኘ ጤፉንም ይጠራጠራል። ጋሼ ግን በዚህ ከእኔ ጋር አልተስማሙም። ማሾውን ከደብዳቤው በፊት በተገኘው ዋጋ ሸጣ ኪሳራውን ተቀብላ መጨረስ ነበረባት፣ ያልሸጠችውን ማስረዳት ከባድ ነው አሉ።

13ኛ

ከደሴ አንዲት የጨርቅ ነጋዴ እህት ጻፈች። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ከተማችን ሲገባ ሱቋ ተዘርፏል፣ የዕቃ መዝገቧም አብሮ ጠፍቷል። አሁን ብድር ስትጠይቅ የኋላ ዓመታት የዕቃ መጠን አምጪ ተባለች። ከየት ታምጣው? ብዙ ሰው አጽናናት። ባለሙያዋ ሱቁ እንደገና ከተከፈተበት ቀን ቆጠራ እንድትጀምርና ከዚያ በፊት ላለው የቀበሌ ማስረጃና ለገቢዎች ቀርቦ የነበረውን ሒሳብ ቅጂ እንድታያይዝ መከረች። ቅጂው ገቢዎች ጋ ካለ ነው። እህታችን ጠይቃ እመለሳለሁ ብላ ሄደች።

14ኛ

7ኛው ሰው ተመልሶ መጣ። ደብዳቤውን አንብቤዋለሁ፣ ቁጥሩ ለገቢዎች ከቀረበው ጋር አንድ ከሆነ ነገሬን አነሳለሁ አለ። አንድ ነው፣ ራሴ አገናኝቼዋለሁ። ቀጥሎ ግን ትክክለኛ ጥያቄ ጠየቀ። የባንኩ የወርሃዊ ክፍያ ቀን ወሩ መጀመሪያ ላይ ቢሆን፣ እንጀራ ጋጋሪዎቹ ደግሞ ዱቤያቸውን የሚከፍሉት ወር ሲያልቅ ከሆነ፣ የመጀመሪያውን 325,000 ከምን ታወጣለች? ጋሼ የክፍያው ቀን ወሩ ማለቂያ ላይ እንዲሆን ውሉ ሳይፈረም መጠየቅ ይቻላል አሉ። ባለሙያዋ የመጀመሪያው ወር ወለድ ብቻ እንዲከፈል ብትጠይቅ ይሻላል አለች፣ ያ ደግሞ ወለዱን ትንሽ ይጨምረዋል። ደንበኛዬን ጠይቄያት የጋሼን መረጠች። ደብዳቤው ላይ አንድ መስመር ጨምሬ ሰኞ ይዛው ትሄዳለች።

የማሾውን ነገር ግን አሁንም አልተስማማንም። በባንክ በኩል ተቀምጦ ያየ ሌላ ሰው ካለ ይጻፍልን።